ጅራት ያለው የትራንዚስተር ጥንድ
የጋራውን ቮልቴጅ እንዴት ይጥላል? ሁለቱ ትራንዚስተሮችስ ለምን አቻ መሆን አለባቸው?

በማሠልጠኛ ተቋማችን የፊዚክስ ላቦራቶሪ እጩ መምህራን አንድ ቀላል የሚመስል ሥራ ጀመሩ። ይኸውም በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የተጣደ ውኃ ሙቀቱ እንዴት እንደሚጨምር በቴርሞካፕል መለካት ነበር። ቴርሞካፕል ማለት ሁለት ዓይነት ሽቦዎች በሁለት ቦታ ተጋጥመው የሚሠሩት የሙቀት መለኪያ ነው። የእኛው ከመዳብና ከኮንስታንታን ሽቦ የተሠራ ሲሆን፣ አንዱ መጋጠሚያ በበረዶ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ከብረት ድስቱ ጋር ይያያዛል። በሁለቱ መጋጠሚያዎች መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 0.04 ሚሊ ቮልት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ድስቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የምናገኘው ሲግናል 1 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው።

እጩ መምህራኑ ይኸን ሲግናል በአንድ ትራንዚስተር ማጉያ ሊያጎሉት ሞከሩ። በኦሲሎስኮፑ ላይ የታየው ግን የውኃው ሙቀት ሳይሆን በሴኮንድ 50 ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚል ትልቅ ሞገድ ነበር። ምክንያቱን ስንፈልግ፣ ድስቱ ከምድጃው የመብራት መስመር የተነሣ ከማጉያው ዜሮ ነጥብ አንጻር 100 ሚሊ ቮልት ያህል ሲዋዥቅ አገኘነው። ከድስቱ ጋር የተያያዙት ሁለቱም የቴርሞካፕል ሽቦዎች አብረውት ይዋዥቃሉ። እንግዲህ ጉምጉምታው ከምንፈልገው ሲግናል መቶ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንድ ዋና ልዩነት አለ። ጉምጉምታው በሁለቱም ሽቦዎች ላይ በእኩል መጠንና በአንድ ጊዜ ይገኛል፤ ይኸን የጋራ ቮልቴጅ እንለዋለን። የሙቀቱ ሲግናል ግን በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለ ነው፤ ይኸን የልዩነት ቮልቴጅ እንለዋለን። ስለዚህ የሚያስፈልገን የጋራውን ጥሎ ልዩነቱን ብቻ የሚያጎላ ሰርኪዩት ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1936 በቫኩም ቱቦዎች የተሠራ እንዲህ ያለ ሰርኪዩት የባለቤትነት መብት አመልክቶበታል። ከታች ባለው የጋራ ሬዚስተር ምክንያትም «ረጅም ጅራት ያለው ጥንድ» የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ በትራንዚስተር የምንሠራው የእርሱን ሐሳብ ነው።

የሰርኪዩቱ አሠራር

ትራንዚስተር ሀ እና ትራንዚስተር ለ ብለን የምንጠራቸው ሁለት ቢሲ 547 ትራንዚስተሮች እንውሰድ። ኃይል የሚሰጡት ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች ሲሆኑ፣ የሚገናኙበት መካከለኛ ቦታ ዜሮ ነጥባችን ነው። በዚህም መሠረት ከላይ +9 ቮልት፣ ከታች -9 ቮልት ይኖረናል። እያንዳንዱ ኮሌክተር በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ +9 ቮልት ይያያዛል። ሁለቱ ኤሚተሮች በአንድ ነጥብ ተጋጥመው፣ ከዚያ ነጥብ ወደ -9 ቮልት አንድ መንገድ ብቻ ይወርዳል። ጅራት የምንለው ይኸን መንገድ ነው። የቴርሞካፕሉ አንድ ሽቦ ወደ ሀ ቤዝ፣ ሁለተኛው ወደ ለ ቤዝ ይገባል። እያንዳንዱ ቤዝ በተጨማሪ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከዜሮ ነጥቡ ጋር መያያዝ አለበት። አለበለዚያ የቤዝ ከረንት መንገድ ስለማይኖረው ሁለቱም ትራንዚስተሮች ይዘጋሉ፤ ኮሌክተሮቹም +9 ቮልት ላይ ይቆማሉ።

በጅራቱ 1 ሚሊ አምፔር ይውረድ እንበል። ሁለቱ ትራንዚስተሮች እኩል ከሆኑ እኩል ይካፈሉታል፤ ለእያንዳንዱ 0.5 ሚሊ አምፔር ይደርሰዋል። ይህ ከረንት በ10 ኪሎ ኦም ውስጥ ሲያልፍ 5 ቮልት ይወድቅበታል፤ ስለዚህ ሁለቱም ኮሌክተሮች +4 ቮልት ላይ ያርፋሉ።

ነገሩን ለመረዳት በመስኖ የሚጠቀሙ ሁለት ማሳዎችን እናስብ። ከአንድ ምንጭ የሚመጣ ውኃ በአንድ ቦይ ወርዶ በሁለት በር ለሁለቱ ማሳዎች ይከፈላል። ምንጩ የሚሰጠው ውኃ የማይጨምርና የማይቀንስ ከሆነ፣ አንዱ በር ሰፋ ሲል ያኛው ማሳ የሚያገኘው ውኃ የግድ ይቀንሳል። ሁለቱም በሮች አብረው ቢሰፉ ግን የማንም ድርሻ አይለወጥም፤ የሚከፈለው ያው ውኃ ነውና። ቤዞቹ በሮቹ ናቸው፤ የጅራቱ ከረንት የምንጩ ውኃ ነው።

አሁን 1 ሚሊ ቮልት የልዩነት ቮልቴጅ እናስገባ። ይህ ማለት የሀ ቤዝ በ0.5 ሚሊ ቮልት ከፍ፣ የለ ቤዝ በ0.5 ሚሊ ቮልት ዝቅ አለ ማለት ነው። አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ስለሚስቡት የኤሚተሮቹ መጋጠሚያ ባለበት ይቆማል። አንድ ትራንዚስተር ለትንሽ ለውጥ በኤሚተሩ በኩል የሚያሳየው ውስጣዊ ተቃውሞ 25 ሚሊ ቮልት ለከረንቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤

25 ÷ 0.5 = 50 ኦም

ስለዚህ 0.5 ሚሊ ቮልት ለ50 ኦም ሲካፈል 0.01 ሚሊ አምፔር ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይዛወራል። ይህም በ10 ኪሎ ኦም ሲባዛ በአንዱ ኮሌክተር ላይ 100 ሚሊ ቮልት ይሆናል። በሌላ አነጋገር ከአንድ ኮሌክተር ብንለካ ልዩነቱ 100 ጊዜ ጎልቷል፤ በሁለቱ ኮሌክተሮች መካከል ብንለካ ደግሞ 200 ጊዜ።

ጅራቱ ሬዚስተር ሲሆን

እጩ መምህራኑ መጀመሪያ ጅራቱን በሬዚስተር ሠሩት። ቤዞቹ ዜሮ ላይ ሲሆኑ ኤሚተሮቹ -0.65 ቮልት ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ለጅራቱ 8.35 ቮልት ይተርፈዋል። በገበያ የሚገኘው 8.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተርም 1 ሚሊ አምፔር ያህል ያወርዳል።

100 ሚሊ ቮልቱ ጉምጉምታ ሲመጣ ምን ይሆናል? ሁለቱም ቤዞች በ100 ሚሊ ቮልት አብረው ከፍ ይላሉ፤ ኤሚተሮቹም ተከትለው በዚያው መጠን ይወጣሉ። በጅራቱ ሬዚስተር ላይ ያለው ቮልቴጅ ስለጨመረ ከረንቱም በ0.0122 ሚሊ አምፔር ይጨምራል። ምንጩ ውኃ ጨመረ ማለት ነው። ጭማሪው ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 0.0061 ሚሊ አምፔር ይደርሳል፤ በ10 ኪሎ ኦም ሲባዛም በእያንዳንዱ ኮሌክተር ላይ 61 ሚሊ ቮልት ጉምጉምታ ይፈጥራል።

ስለዚህ ከአንዱ ኮሌክተር ስንለካ 100 ሚሊ ቮልት ሲግናልና 61 ሚሊ ቮልት ጉምጉምታ ተቀላቅለው ይወጣሉ። ከቀድሞው እጅግ ይሻላል፤ ሙቀት ለመለካት ግን ገና አይበቃም። የሰርኪዩቱን ጥራት የምንገልጸው ልዩነቱ የጎላበትን መጠን የጋራው ለጎላበት መጠን በማካፈል ነው። ይኸን የጋራ ቮልቴጅን የመጣል ውድር እንበለው፤

100 ÷ 0.61 = 164 (44 ዴሲቤል)

ውድሩን ለማሳደግ የጅራቱን ሬዚስተር ማሳደግ ነው የሚል ተማሪ አይጠፋም። አስተሳሰቡ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ 1 ሚሊ አምፔር በ1 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር ለማሳለፍ 1000 ቮልት ያስፈልጋል። ባትሪያችን ደግሞ 9 ቮልት ብቻ ነው።

ጅራቱ የከረንት ምንጭ ሲሆን

ከዚህ ችግር የሚያወጣን ሦስተኛ ትራንዚስተር ነው፤ ሐ እንበለው። ኮሌክተሩን ከኤሚተሮቹ መጋጠሚያ ጋር፣ ኤሚተሩን በ1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከ-9 ቮልት ጋር እናያይዛለን። ቤዙ ከ-9 ቮልት ጋር የሚያያዘው በአንድ ቀይ ብርሃን ሰጪ ዳዮድ ነው፤ ዳዮዱም ከዜሮ ነጥቡ በ3.3 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከረንት ያገኛል። በዳዮዱ ላይ 1.8 ቮልት ያህል ይቆማል። ከዚህ ላይ የትራንዚስተሩ 0.65 ቮልት ሲቀነስ በ1.2 ኪሎ ኦሙ ላይ 1.15 ቮልት ይቀራል፤ ከረንቱም 0.96 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ይህን ከረንት የሚወስኑት ዳዮዱና ሬዚስተሩ እንጂ የሐ ኮሌክተር ያለበት ቮልቴጅ አይደለም። ስለዚህ የኤሚተሮቹ መጋጠሚያ ከፍም ይበል ዝቅ፣ የሚወርደው ከረንት ከሞላ ጎደል ያው ነው።

«ከሞላ ጎደል» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ፍጹም የሆነ የከረንት ምንጭ የለም። የኮሌክተሩ ቮልቴጅ ሲለወጥ ከረንቱ በጥቂቱ ስለሚለወጥ፣ ምንጩ ለለውጥ ከ1 ሚሊዮን ኦም በላይ የሆነ ተቃውሞ እንዳለው ሆኖ ይታያል። ለጥንቃቄ 1 ሚሊዮን ኦም ብለን እናስላ። 100 ሚሊ ቮልት ጉምጉምታ የጅራቱን ከረንት የሚለውጠው በ0.0001 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። የአንዱ ወገን ድርሻ የዚህ ግማሽ ሲሆን፣ በኮሌክተሩ ላይ የሚታየው 0.5 ሚሊ ቮልት ነው። ሲግናሉ እንደቀድሞው 100 ሚሊ ቮልት ሆኖ ሳለ ጉምጉምታው ከ61 ወደ ግማሽ ሚሊ ቮልት ወረደ። ውድሩም 20000 ወይም 86 ዴሲቤል ሆነ።

አቻነት ለምን ያስፈልጋል?

እስካሁን ባለው ስሌት ሁሉ «እኩል ይካፈሉታል» ስንል ቆይተናል። የከረንት ምንጩ ድምሩን ይጠብቃል፤ አከፋፈሉን ግን አይጠብቅም። አከፋፈሉን የሚወስነው የሁለቱ ትራንዚስተሮች እኩልነት ብቻ ነው።

እጩ መምህራኑ የከረንት ምንጩን ካስገቡ በኋላ ሁለቱን ቤዞች ከዜሮ ነጥቡ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝተው በኮሌክተሮቹ መካከል ለኩ። ምንም ሲግናል ስላልገባ ዜሮ መሆን ነበረበት። ቮልትሜትሩ ግን 1 ቮልት ያህል አሳየ። አንደኛው ኮሌክተር +3.5፣ ሌላው +4.5 ቮልት ላይ ነበር። ትራንዚስተሮቹ ከአንድ ከረጢት የወጡ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፈባቸው ነበሩ።

ይህ ከየት መጣ? የኮሌክተር ከረንት በቤዝና በኤሚተር መካከል ላለው ቮልቴጅ እጅግ ስሱ ነው። ቮልቴጁ በ18 ሚሊ ቮልት ሲጨምር ከረንቱ እጥፍ ይሆናል። ሁለት ትራንዚስተሮች ለተመሳሳይ ከረንት የሚፈልጉት ቮልቴጅ በ5 ሚሊ ቮልት ቢለያይ፣ በአንድ ሰርኪዩት ሲጋጠሙ የከረንታቸው ውድር 1.22 ይሆናል። ስለዚህ 1 ሚሊ አምፔሩን 0.55 እና 0.45 አድርገው ይካፈሉታል። በ10 ኪሎ ኦም ሲባዛ በትክክል የ1 ቮልት ልዩነት ይሰጠናል። ጉድለቱ በግቢው በኩል 5 ሚሊ ቮልት ሲግናል ከገባ ጋር አንድ ነው። በቴርሞካፕላችን ሚዛን ይህ የ125 ዲግሪ ስሕተት ነው!

አለመመጣጠኑ ሌላም ጉዳት አለው። በሁለቱ ኮሌክተሮች መካከል የምንለካ ከሆነ፣ አቻ ትራንዚስተሮች ጉምጉምታውን እኩል ስለሚካፈሉት ይሰረዛል፤ የሬዚስተር ጅራት እንኳ ቢሆን ይሰረዛል። 0.55 እና 0.45 አድርገው የሚካፈሉ ከሆነ ግን የጉምጉምታውንም ከረንት በዚያው ሚዛን ይከፍሉታል። በሬዚስተሩ ጅራት 0.0122 ሚሊ አምፔር ስለነበረ፣ የአንድ አሥረኛው ልዩነት በኮሌክተሮቹ መካከል 12 ሚሊ ቮልት ጉምጉምታ ያወጣል። የጋራው ቮልቴጅ የልዩነት ልብስ ለብሶ ወጣ ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለ ማንኛውም ማጉያ ከእውነተኛው ሲግናል ሊለየው አይችልም። በከረንት ምንጩ ጅራት ግን ያው አለመመጣጠን 0.1 ሚሊ ቮልት ብቻ ያሳልፋል። እንግዲህ የሚያመልጠው ጉምጉምታ የጅራቱ ጉድለት በአለመመጣጠኑ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ሁለቱም አብረው መሻሻል አለባቸው። የኮሌክተር ሬዚስተሮቹ እኩል አለመሆንም ተመሳሳይ ጉዳት ስላለው፣ 1 በመቶ ስሕተት ያላቸውን መምረጥ ይገባል።

ሙቀትና መጠምዘዣ

ጉድለቱን በመጠምዘዣ ሬዚስተር ዜሮ ማድረግ ይቻል የለም ወይ? ይቻላል፤ ለጊዜው። ለተወሰነ ከረንት የቤዝና የኤሚተር ቮልቴጅ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሙቀት ጭማሪ 2 ሚሊ ቮልት ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ ትራንዚስተሮች አብረው ቢሞቁ ይህ የጋራ ለውጥ ስለሆነ ይጣላል። አንዱ ብቻ በ1 ዲግሪ ቢሞቅ ግን 2 ሚሊ ቮልት የሐሰት ሲግናል ይገባል፤ በቴርሞካፕላችን ሚዛን ይህ 50 ዲግሪ ነው።

ይኸን በክፍል ውስጥ ማሳየት ቀላል ነው። ቤዞቹን ከዜሮ ነጥቡ ጋር አገናኝተን፣ ቮልትሜትሩን በኮሌክተሮቹ መካከል አድርገን፣ አንዱን ትራንዚስተር በሁለት ጣት እንይዘዋለን። በ3 ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ መርፌው ከ1 ቮልት በላይ ይሄዳል። ጣታችንን ስናነሣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ሁለቱን ትራንዚስተሮች በጠፍጣፋ ጎናቸው አጋጥመን በመዳብ ቀለበት እናስራቸውና ሁለቱንም አብረን እንያዝ። ንባቡ ከቀድሞው በጣም ያነሰ ይንቀሳቀሳል።

አብረው ቢሞቁም እንኳ አቻ ያልሆኑ ትራንዚስተሮች ፍጹም አይረጉም። የ5 ሚሊ ቮልት ልዩነት ያላቸው ጥንዶች ልዩነቱ ራሱ ለአንድ ዲግሪ የክፍል ሙቀት በ0.017 ሚሊ ቮልት ያህል ይለወጣል። ጧት በመጠምዘዣው ዜሮ ያደረግነው ሰርኪዩት ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ 4 ዲግሪ ያህል ይሳሳታል። ልዩነቱ 0.5 ሚሊ ቮልት ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ አሥር ጊዜ ያንስ ነበር። ስለዚህ መጠምዘዣው አቻነትን አይተካም፤ የቀረችውን ጥቂት ጉድለት ብቻ ያስተካክላል።

ፋብሪካዎች ሁለቱን ትራንዚስተሮች በአንድ ሲሊከን ቁራጭ ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ሥራ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሙቀት ስለሚሠሩና ስለሚኖሩ አቻ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው 741 የተባለው የታወቀ ማጉያ በግቢው በኩል እንዲህ ያለ ጥንድ አለው። ሆኖም የእርሱም ጉድለት እስከ ጥቂት ሚሊ ቮልት ስለሚደርስ፣ 1ኛውና 5ኛው እግሮቹ ለመጠምዘዣ የተተዉ ናቸው።

አቻዎችን መምረጥ

በላቦራቶሪያችን ያደረግነው እንዲህ ነው። የእያንዳንዱን ትራንዚስተር ቤዝና ኮሌክተር አገናኝተን በ18 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከባትሪው +9 ቮልት ጋር፣ ኤሚተሩን ከዜሮ ነጥቡ ጋር እናያይዛለን። በዚህም በጥንዱ ውስጥ ለሚኖረው ቅርብ የሆነ 0.46 ሚሊ አምፔር ያልፍበታል። ከዚያ 1 ሚሊ ቮልት በሚለይ ዲጂታል ቮልትሜትር የቤዝና የኤሚተሩን ቮልቴጅ እናነባለን። ትራንዚስተሩን በጣት ከነኩ በኋላ ወዲያው ማንበብ ያሳስታል፤ በፒንሣ ሰክቶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሁሉም በአንድ ባትሪ፣ በአንድ ሬዚስተርና ነፋስ በሌለበት አንድ ቦታ መለካት አለባቸው። የመጀመሪያውን በመጨረሻ እንደገና መለካት ይጠቅማል፤ ንባቡ ከተለወጠ የክፍሉ ሙቀት ተለውጧል ማለት ነው። አንድ ዓይነት ንባብ የሰጡትን ሁለቱን በጥንዱ ውስጥ እናስገባለን።

በመጨረሻም ጉድለት ቢቀር ምንጩ የት እንደሆነ የሚለይ ፈተና አለ። ሀ እና ለ ቦታ ይለዋወጡ። የንባቡ ምልክት ከአዎንታዊ ወደ አሉታዊ ከተገለበጠ ጥፋቱ የትራንዚስተሮቹ ነው። ካልተገለበጠ የኮሌክተር ሬዚስተሮቹን ይለኩ። አንደኛው ኮሌክተር +9 ቮልት፣ ሌላው ከዜሮ በታች ሆኖ ከተገኘ ግን ይህ የአቻነት ጉድለት አይደለም። ከረንቱ በሙሉ በአንድ ወገን አልፏል፤ የተላቀቀ የቤዝ ሽቦ ወይም የተበላሸ ትራንዚስተር ይፈለግ።

እጩ መምህራኑ በዚህ ዘዴ የመረጡትን ጥንድ አስረው ሲሠሩበት፣ በኮሌክተሮቹ መካከል የቀረው ንባብ ከ1 ቮልት ወደ 0.1 ቮልት ወረደ። ያንን በመጠምዘዣው አጠፉት፤ የድስቱም ሙቀት በየዲግሪው ሲጨምር በቮልትሜትሩ ላይ ታየ።

ለተማሪዎች መልመጃ

1. የጅራቱ ተቃውሞ 100 ኪሎ ኦም ቢሆን፣ ከአንድ ኮሌክተር ሲለካ የጋራ ቮልቴጅን የመጣል ውድሩ ስንት ይሆናል?

2. የሁለቱ ትራንዚስተሮች ልዩነት 2 ሚሊ ቮልት ቢሆን፣ ሲግናል ሳይገባ በኮሌክተሮቹ መካከል ስንት ቮልት ይነበባል?

3. የጅራቱ ከረንት 2 ሚሊ አምፔር፣ የኮሌክተር ሬዚስተሮቹ 5 ኪሎ ኦም ቢሆኑ፣ ከአንድ ኮሌክተር ሲለካ ልዩነቱ ስንት ጊዜ ይጎላል?

መልስ፦ 1. 2000 ያህል፤ 2. 0.4 ቮልት፤ 3. እንደቀድሞው 100 ጊዜ፤ የኤሚተሩ ተቃውሞ ወደ 25 ኦም ስለሚወርድ የሬዚስተሩን ማነስ ያካክሳል።